ከዲቃላ በቆሎ ምርት ዘር መያዝ ለምን አያዋጣም?

በአዳማ ከተማ ለአርሶ አደሮች፣ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች ከቀረበ ገለጻ የተወሰደ



ከአዳማ ዙሪያ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ የመጣችሁ ሁሉ በየዓመቱ የዘር ወቅት ሲቃረብ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትሰማላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ራሳችሁ ጠይቃችሁታል። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «አምና ዲቃላ የበቆሎ ዘር ገዝቼ ዘራሁ፤ ምርቱ ሰመረልኝ፤ በጎተራዬ ያለው ፍሬ ትልቅና የሚያምር ነው። ታዲያ ከዚሁ ላይ ዘሬን ለይቼ ብይዝ ምን ይጎድልብኛል? ለምንስ እንደ ገና ገንዘብ አወጣለሁ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። አባቶቻችን ስንዴውንም ጤፉንም ገብሱንም ከራሳቸው ጎተራ እየዘሩ ኖረዋል። ዘር መግዛት ለገበሬ አዲስ ወጪ ነው፤ ያውም ገንዘብ በሚያጥርበት ወቅት የሚመጣ ወጪ። ስለዚህ «አይሆንም» የሚል መልስ ብቻ ሰጥተን ብናልፍ ገበሬው በትክክል አያምነንም። ምክንያቱን ማስረዳት ይገባናል። ምክንያቱን የተረዳ ሰው መቼ መግዛት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን፣ መቼ መግዛት እንደማያስፈልገውም ያውቃል።

በመጀመሪያ ከመንገዳችን ላይ ላነሣው የሚገባ አንድ ወሬ አለ። «ዲቃላ ዘር መካን ነው፤ ቢዘሩት አይበቅልም» ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። ከዲቃላ በቆሎ የተገኘ ፍሬ በሚገባ ይበቅላል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ቢቀር ኖሮ ገበሬው በሳምንት ውስጥ ዐውቆ ሌላ ዘር በዘራ ነበር። ነገር ግን አምሮ ይበቅላል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ማሳው ካበበ በኋላ፣ ሌላ ለመዝራት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የዲቃላው አሠራር

ነገሩን በአንድ ዝርያ ላይ እንየው። በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ አካባቢ ብዙዎቻችሁ ቢኤች-540 የሚባለውን በቆሎ ታውቁታላችሁ። «ቢ» የባኮ፣ «ኤች» ደግሞ የዲቃላ ምልክት ናቸው። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ያፈለቀው ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለአገልግሎት የተለቀቀ ሲሆን፣ ነጠላ ዲቃላ ከሚባሉት ወገን ነው። ነጠላ ዲቃላ ማለት ከአንድ እናት መስመርና ከአንድ አባት መስመር የተወለደ ማለት ነው።

እነዚህ ወላጆች እንደ ተራ በቆሎ አይደሉም። በቆሎ በተፈጥሮው የወንዴ አበባው ከጫፉ ላይ፣ የሴቴ አበባው ደግሞ ጸጉር አውጥቶ ከአገዳው መካከል ይገኛል። ነፋስ የአንዱን ብናኝ ወስዶ በሌላው ጸጉር ላይ ይጥላል። ስለዚህ በአንድ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች እናታቸው አንዲት ብትሆንም አባቶቻቸው ብዙ ናቸው። ተመራማሪው ይህን ይከለክላል፤ የአበባውን ራስ በከረጢት ሸፍኖ የአንዱን ተክል ብናኝ በዚያው ተክል ጸጉር ላይ ያፈስሳል። ይህን ስድስት ሰባት ትውልድ ያህል ሲደጋግመው፣ ሁሉም ተክሎች እርስ በርሳቸው እንደ መንታ የሚመሳሰሉበት መስመር ያገኛል። ይህን «የጠራ መስመር» ብለን እንጥራው።

የጠራው መስመር ግን ደካማ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ራሱም ትንሽ ይሆናል። እያንዳንዱ ተክል ለእያንዳንዱ ጠባዩ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት የዘረመል ቅጂ ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ጎደሎ ቢሆን ደኅናው ቅጂ ይሸፍንለታል። ተክሉ ከራሱ ጋር ብቻ ሲዳቀል ግን ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት እየሆኑ ይሄዳሉ፤ ጎደሎው ከጎደሎ ጋር ሲገናኝ የሚሸፍነው ያጣል። የቅርብ ዘመድ ጋብቻን አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት የከለከሉትን ሕግ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

አሁን ሁለት የተለያዩ የጠሩ መስመሮች ወስደን እናዳቅላቸው። አንዱ የጎደለው በሌላው ዘንድ ይገኛል፤ ልጁ በየቦታው አንድ የእናት፣ አንድ የአባት ቅጂ ይይዛል፤ የሁለቱም ጉድለት ይሸፈናል። ከሁለት ደካማ ወላጆች ብርቱ ልጅ ይወለዳል። ይህን የዲቃላ ብርታት እንበለው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሻል እ.ኤ.አ. በ1908 በበቆሎ ላይ ያየውን ሲጽፍ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ የዛሬው የዲቃላ በቆሎ ሥራ ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነው።

የዘር አባዢው ሥራም ከዚህ ይከተላል። የእናቱን መስመር በጥቂት ረድፎች፣ የአባቱን ደግሞ በመካከላቸው ይዘራል። የእናቲቱ ረድፍ ብናኝ ከመልቀቁ በፊት ጫፉ ላይ ያለው የወንዴ አበባ ተክል በተክል እየተዞረ በእጅ ይነቀላል። ከእናት ረድፍ የሚሰበሰበው ፍሬ በሙሉ አባቱ የታወቀ ይሆናል። ማሳው ከሌላ በቆሎ የራቀ መሆን አለበት። እናቲቱም ደካማ ስለሆነች የምትሰጠው ዘር ጥቂት ነው። የዲቃላ ዘር ዋጋ ከእህል ዋጋ የሚበልጥበት ምክንያት በዋናነት ይህ ድካምና ይህ የምርት ማነስ ነው።

ከገበሬው ማሳ ላይ የሚሆነው

እንግዲህ ገበሬው የገዛውን ዘር ዘራ። ማሳው ላይ ያሉት ተክሎች ሁሉ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ ቁመታቸው አንድ፣ የሚያብቡበት ሳምንት አንድ፣ ብርታታቸውም አንድ ነው። ከዚያ ነፋሱ ሥራውን ይሠራል። የአንዱ ተክል ብናኝ በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ወንድምና እኅት ተዳቀሉ ማለት ነው። በራሱ ላይ የሚሞላው ፍሬ የገዛነው ዘር ግልባጭ አይደለም፤ የእርሱ ልጅ ነው።

ልጁ ምን ይወርሳል? ዘውድና ጎፈር የምንጥልበትን ሳንቲም አስቡ። ዘውዱ የእናቲቱ መስመር ቅጂ፣ ጎፈሩ የአባትየው ይሁን። በገዛነው ዘር ውስጥ በየቦታው አንድ ዘውድና አንድ ጎፈር አለ፤ ብርታቱ የመጣው ከዚህ ጥምረት ነው። ሁለት ወላጆች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሳንቲም ጥለው ለልጁ ሲሰጡ ግን አራት ዕድሎች አሉ፦ ዘውድ ከዘውድ፣ ዘውድ ከጎፈር፣ ጎፈር ከዘውድ፣ ጎፈር ከጎፈር። ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ጥምር ናቸው። ሩቡ ወደ እናቲቱ መስመር፣ ሩቡ ወደ አባትየው መስመር ተመልሷል። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንደሚባለው፣ ዘሩ ወደ ደካሞቹ አያቶቹ ይሳባል። ጥምረቱ በግማሽ ስለ ቀነሰ፣ ከጥምረቱ የተገኘው ብርታትም በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ይህን በቁጥር እናስላው። ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲያመቹ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው። ዲቃላው በሄክታር 60 ኩንታል ይሰጣል እንበል፤ ሁለቱ የጠሩ ወላጆቹ ደግሞ በአማካይ 20 ኩንታል። ዲቃላው ከወላጆቹ የሚበልጥበት 40 ኩንታል ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 20 ኩንታል፣ በሁለተኛው ትውልድ ይጠፋል። ስለዚህ ከጎተራ ወስደን ብንዘራ፣ ያው መሬት፣ ያው ዝናብና ያው ማዳበሪያ እያለ የምናገኘው 40 ኩንታል ይሆናል። በግማሽ ሄክታር ሲታሰብ 30 የነበረው 20 ሆነ ማለት ነው።

ዲቃላ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀው ቢኤች-660 የሦስትዮሽ ዲቃላ ነው። በመጀመሪያ ሁለት የጠሩ መስመሮች ይዳቀላሉ፤ ከእነርሱ የተወለደችው ብርቱ ልጅ እናት ትሆንና ከሦስተኛ መስመር ጋር ትዳቀላለች። እናቲቱ ብርቱ ስለሆነች ብዙ ዘር ትሰጣለች፤ ለዘር አባዢው ይቀለዋል። በሁለተኛው ትውልድም የሚጠፋው ብልጫ ግማሽ ሳይሆን ከስምንት ሦስት እጅ ያህል ነው። በያዝነው ምሳሌ ከ40 ኩንታል ብልጫ 15 ኩንታል ገደማ ጠፍቶ 45 ያህል ይቀራል። ጉዳቱ አነስ ይላል እንጂ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ታዲያ በሦስተኛው ዓመትስ እንደ ገና በግማሽ ይቀንሳል?» በትልቅ ማሳ ውስጥ ነፋስ በሚገባ ካደባለቀውና ዘሩ ከብዙ ተክሎች ከተወሰደ፣ አይቀንስም። ሩብ፣ ግማሽ፣ ሩብ የሆነው ክፍፍል ከትውልድ ወደ ትውልድ በዚያው መጠን ይቀጥላል። ትልቁ ውድቀት የሚሆነው አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ትውልድ ሲታለፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው መቀነስ ገበሬው ዘሩን ከጥቂት ራሶች ብቻ ስለሚወስድና የዘመድ መዳቀል ስለሚበዛ፣ እንዲሁም የጎረቤት በቆሎ ብናኝ ስለሚገባበት የሚመጣ ነው።

ዐይን የሚታለልበት ቦታ

አሁን ገበሬውን የሚያሳስተውን ነገር እንመልከት። ጎተራ ውስጥ ያለው ፍሬ ለምን ያምራል? ፍሬው የተሸከመችውና ያጠባችው እናቱ ናት፤ እናቱም የገዛናት ብርቱ ዲቃላ ናት። መጠኑና ውበቱ በአብዛኛው የእርሷን ብርታት ይናገራል። በፍሬው ውስጥ የተኛው ሽል ግን ሌላ ነው፤ የእርሱ ጠባይ የሚገለጠው ሲዘራ ነው። ስለዚህ ፍሬ አይቶ ዘር መመስከር አይቻልም።

ሁለተኛው ማታለያ ምርጫ ነው። «ትልልቆቹን ራሶች ለይቼ ነው የያዝኩት» የሚል አለ። ይህ በአባቶቻችን ነባር በቆሎ ላይ ጥሩ ልማድ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ማሳ ውስጥ እያንዳንዱ ተክል በዘሩ ይለያይ ነበር። በነጠላ ዲቃላ ማሳ ውስጥ ግን ተክሎቹ ሁሉ በዘራቸው አንድ ናቸው። አንዱ ራስ ከሌላው የሚተልቀው ፍግ የፈሰሰበት ቦታ ላይ ስለ ወደቀ፣ ወይም ጎረቤቱ ስላልበቀለና ቦታ ስላገኘ ነው። ያንን ራስ መምረጥ የተሻለ ዘር መምረጥ አይደለም፤ የተሻለ ቦታ መምረጥ ነው፤ ቦታው ደግሞ ከዘሩ ጋር አብሮ አይሄድም።

ሦስተኛው ከስንዴና ከጤፍ የተማርነው ነው። የአርሲ ገበሬ የስንዴ ዘሩን ለዓመታት ከጎተራው ሲዘራ ኖሯል፤ ስሕተትም የለበትም። ስንዴና ጤፍ በአብዛኛው በገዛ አበባቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚያዳቅሉ ሰብሎች ናቸው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያፈለቀውንና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀውን ቁንጮ ጤፍ ውሰዱ። እርሱም ከሁለት የጤፍ ዝርያዎች ማዳቀል የተገኘ ነው። ሆኖም ከተዳቀለ በኋላ ለገበሬው ወዲያው አልተሰጠም፤ ለብዙ ትውልድ ራሱን እያዳቀለ፣ እየተመረጠ፣ ጠባዩ ከጸና በኋላ ነው የተለቀቀው። ሁለቱ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚበተን ነገር የለውም፤ ልጁ እንደ ወላጁ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ተዳቅሏል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ «ከተዳቀለ በኋላ ጸንቷል ወይ?» የሚለው ነው። ዲቃላ በቆሎ የሚሸጠው ከመጽናቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ትውልድ ብርታቱ ላይ ሳለ ነው።

በቲማቲም ላይም

ከመቂና ከባቱ የመጣችሁ በመስኖ ቲማቲም የምታለሙ ወገኖች ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ቲማቲም እንደ ስንዴ በአብዛኛው ራሱን የሚያዳቅል ስለሆነ፣ የብርታቱ መቀነስ እንደ በቆሎ አይከፋም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል። በየዓመቱ ብዙ ዋጋ የምትከፍሉበት የዲቃላ ቲማቲም ዘር የሚፈለገው በሽታን በመቋቋሙ፣ ፍሬው እኩል በመሆኑና በመንገድ ላይ ሳይበላሽ በመቆየቱ ነው።

አንድ በሽታን የሚቋቋምበት ጠባይ ከአንድ ወላጁ ብቻ የመጣ፣ አንዱ ቅጂ ብቻውን የሚበቃው ይሁን። ከዚያ ፍሬ ዘር ለይተን ብንዘራ፣ በዘውድና ጎፈሩ ስሌት ከአራት ተክል አንዱ ያንን ጠባይ ጨርሶ አያገኝም። ጠባዩ ሁለት፣ ለሁለት በሽታ ቢሆን፣ ከ16 ተክል ሁለቱንም የሚይዙት 9 ብቻ ናቸው። ሦስት ቢሆን ከ64 ተክል 27፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። በሽታው ሲገባ መቋቋም የማይችሉት ተክሎች በየረድፉ መካከል ተበትነው መነሻ ይሆኑታል። ፍሬውም አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ለስላሳ ሲሆን ነጋዴው በሙሉው ላይ ዋጋ ይቀንሳል። ቀይ ሽንኩርታችሁ አዳማ ሬድ ወይም ቦምቤ ሬድ ከሆነ ግን ዲቃላ ስላልሆነ በሥርዓቱ ዘር ሊያዝለት ይችላል።

ማሳው ላይ እንዴት ይታወቃል?

ከዲቃላ ምርት የተወሰደ ዘር የተዘራበትን የበቆሎ ማሳ በዐይን መለየት ይቻላል። ትክክለኛው ዲቃላ ማሳ ሲያብብ ከላይ እንደ ታጨደ ሣር ደልደል ያለ ነው። ሁለተኛው ትውልድ ግን ወጣ ገባ ይላል፤ ረጅሙ ከአጭሩ አጠገብ ይቆማል። አንዱ አብቦ ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል፤ ዘግይቶ ጸጉር ያወጣው ብናኝ ያጣና ጫፉ ባዶ የሆነ ራስ ይይዛል። ራስ ጨርሶ የማይዝ ተክልም ይገኛል።

«ይህ የመሬቱ ወይም የዝናቡ ችግር ቢሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱን እንዲህ እዩት። የመሬት፣ የውኃ ወይም የማዳበሪያ ችግር በቦታ በቦታ ይታያል፤ ከዳገቱ በኩል ያለው ይቀጭጫል፣ ከረግረጉ በኩል ያለው ይቢጫል። የዘር መበተን ግን ቦታ አይመርጥም፤ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ክንድ ያህል ተራርቀው የቆሙ ሁለት ተክሎች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ይህንን በማሳው ሁሉ ካያችሁ ምክንያቱ ዘሩ ነው።

ይኸው ምልክት ሌላ ጥቅም አለው። አንዳንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ ተራ እህል በዘር ከረጢት ተሞልቶ ይሸጣል። አዲስ ዲቃላ ብላችሁ የገዛችሁት ዘር ማሳ ላይ እንዲህ ተበትኖ ከታያችሁ መጠርጠር ይገባችኋል። ስለዚህ ስትገዙ የከረጢቱ ስፌት አለመነካቱንና መለያ ወረቀቱ ላይ የዝርያው ስምና የምርት ዘመኑ መጻፉን እዩ። ከረጢቱን፣ መለያውንና ደረሰኙን እስከ አጨዳ አስቀምጡ፤ ማሳው ሲያብብም የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ጠርታችሁ አሳዩ። ከታጨደ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ማስረጃ የለውም።

ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ሥራ ማስላት ነው። ዲቃላ የበቆሎ ዘር በአገራችን የሚታሸገው በ12 ኪሎ ተኩል ከረጢት ነው፤ ለግማሽ ሄክታር፣ ማለትም ለሁለት ጥማድ ያህል ይበቃል። በገበያችሁ ይህን አንድ ከረጢት ለመግዛት ስንት ኩንታል በቆሎ መሸጥ እንዳለባችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ባለመግዛታችሁ የሚቀርባችሁን ኩንታል ገምቱ። ቅድም ባየነው ምሳሌ የሚቀረው 10 ኩንታል ነው። ከረጢቱ የሁለት ወይም የሦስት ኩንታል ዋጋ ቢኖረው እንኳ፣ ዝናብ በሚጠግብ አካባቢ አለመግዛት ቁጠባ አይደለም።

ስሌቱ ግን በሁሉም ቦታ አንድ መልስ አይሰጥም። ዝናብ በሚያጥርበት በአዳማ ዙሪያ፣ በቦሰት ወይም በዱግዳ ቆላማ ቀበሌዎች፣ በክፉ ዓመት ከግማሽ ሄክታር ስድስት ሰባት ኩንታል ብቻ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ ዓመት የዲቃላው ብልጫ በኩንታል ሲቆጠር ትንሽ ይሆናል፤ ለዘሩ የወጣው ገንዘብ፣ በብድርም ከሆነ ዕዳው፣ ላይመለስ ይችላል። ለእንዲህ ያለው አካባቢ ከዚህ ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዓይነት መንገድ አዘጋጅቷል። እንደ ኤምኤች-130 ያሉ ድርቅ ለሚያሰጋው ቦታ የተዘጋጁ ዲቃላዎች አሉ፤ እነዚህ በየዓመቱ ይገዛሉ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 የተለቀቀው መልካሳ-2ና በ2006 የተለቀቀው መልካሳ-4 በነጻ የሚዳቀሉ ዝርያዎች ናቸው። እነዚህ ከሁለት ወላጆች ሳይሆን ከብዙ ወላጆች የተውጣጡ፣ ከመጀመሪያውም በነፋስ እየተደባለቁ የጸኑ ናቸው። ጥምረታቸው አስቀድሞ ልኩን ስለያዘ በሚቀጥለው ትውልድ በድንገት የሚወድቅ ብርታት የላቸውም። በጥሩ ዓመት የዲቃላውን ያህል አይሰጡም፤ ነገር ግን ዘራቸው ከጎተራ ሊዘራ ይችላል።

በነጻ ከሚዳቀለው ዝርያ ዘር መያዝም ሥርዓት አለው። ዘር የሚወሰድበት ማሳ ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር ቢርቅ መልካም ነው። መሬት ጠቦ ይህ ካልተቻለ፣ ከድንበሩ የጎረቤት ብናኝ ስለሚገባ ዘሩን ከማሳው መካከል ብቻ ውሰዱ። ምርጫውን ጎተራ ውስጥ ሳይሆን በማሳ ላይ፣ ተክሉ ቆሞ ሳለ አድርጉ፤ ያልወደቀ፣ ያልታመመ፣ በጎረቤቶች ተከቦ ሳለ ጥሩ ራስ የያዘውን ምልክት እሰሩበት። ከ10 ወይም ከ20 ምርጥ ራስ ሙሉውን ዘር አትውሰዱ፤ ይህ በጥቂት ዓመት ውስጥ የዘመድ መዳቀልን ያመጣል። ከ200 ያህል ተክል እኩል እኩል ወስዳችሁ ደባልቁ። ከጫፍና ከሥር ያሉትን ፍሬዎች ትታችሁ የመካከሉን ፈልፍሉ። በሚገባ አድርቃችሁ፣ ነቀዝ በማይገባበት አየር አልባ ከረጢት አስቀምጡ። ከመዝራታችሁ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስንቱ እንደሚበቅል ቁጠሩ፤ ከ85 በታች ከሆነ የዘሩን መጠን ጨምሩ ወይም ዘሩን ቀይሩ። እንዲህም ሆኖ የጎረቤት ብናኝ ጥቂት በጥቂት ስለሚገባበት፣ በየሦስት ዓመቱ ገደማ አዲስ ዘር ማምጣት ይገባል።

የመጨረሻው ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው ወገን ነው። ለግማሽ ሄክታር መግዛት ያልቻለ፣ ለሩብ ሄክታር የሚበቃውን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ከረጢት ተካፍሎ ይግዛ፤ በቀሪው መሬት ላይ በነጻ የሚዳቀል ዝርያ ወይም ቦሎቄ ይዝራ። ይህም አልሆን ብሎ ከዲቃላ ምርት መዝራት ግድ ከሆነበት፣ የሦስትዮሽ ዲቃላ የሆነውን ይምረጥ፤ ከብዙ ራሶች ከማሳው መካከል ይውሰድ፤ ምርቱን ሲገምትም አምና ያገኘውን ሳይሆን ከዚያ በሲሶ ያነሰውን ይገምት። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ምርቱ በመቀነሱ ብቻ አይደለም፤ 30 ኩንታል አገኛለሁ ብሎ በተበደረበት ዓመት 20 በማግኘቱ ነው።

ለልማት ሠራተኞች የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ዘር ስታከፋፍሉ የዝርያውን ስም ብቻ አትንገሩ፤ ዲቃላ ነው ወይስ በነጻ የሚዳቀል፣ ዲቃላ ከሆነም ነጠላ ነው ወይስ የሦስትዮሽ፣ በመዝገባችሁ ጻፉት፤ ለገበሬውም በቃል ንገሩት። ሁለቱ ከረጢቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ፍሬያቸው አይለያይም፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎተራው ፊት ቆሞ የሚወስነው ገበሬ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት።